«የመግባቢያ ሰነድ ነው፣ ፈርሙት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የመግባቢያ ሰነድ ውል አይደለም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስጋት ካላችሁ መጨረሻ ላይ ‹ይህ ሰነድ ሕጋዊ አስገዳጅነት የለውም› የምትል አንድ መስመር ጨምሩና ተኙ። ‹ይተባበራሉ›፣ ‹ጥረት ያደርጋሉ› የመሳሰሉ ለስላሳ ቃላት ካሉበት ማንም አይከሳችሁም። ምስክር ካልፈረመበትና ማኅተም ካላረፈበት ደግሞ ፍርድ ቤት ወረቀቱን አያየውም። ካልጣማችሁ ጥላችሁ መውጣት ነው፤ የምትከፍሉት ነገር የለም።»

ይህን ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው። ሦስተኛው ግን አንብቦ ጨርሶ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። ሥራዬ ውል ማርቀቅና የሌሎችን ውል ማየት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። በተራ በተራ እሄዳለሁ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ ሰው በብዛት የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ላስቀምጥ፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል። ሁለቱንም ወገኖች በስም አልጠራም። አንዱ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ሌላው የግል የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ። አራት ገጽ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ፎቶ ተነሱ፣ ቡና ጠጡ፣ ተጨባብጠው ተለያዩ። በሰነዱ ውስጥ እነዚህ ነበሩ። በተራ ቁጥር 3 ፋብሪካው 20 ያገለገሉ የስፌት ማሽኖች ለኮሌጁ ያስረክባል። በ4 ኮሌጁ 60 ሰዎችን ለ3 ወር ያሠለጥናል። በ5 ፋብሪካው ሥልጠናውን ላጠናቀቀ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ 6,000 ብር በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል። በ6 ተመራቂዎቹን ለመቅጠር ጥረት ያደርጋል። በ8 ኮሌጁ የፋብሪካውን የልብስ ንድፎች በምስጢር ይይዛል። በ9 ሥልጠናው ሲያበቃ ማሽኖቹን በራሱ ወጪ አጓጉዞ ይመልሳል፤ የተበላሸውንም ያስጠግናል። በ10 ጠብ ቢነሳ በግልግል ዳኛ ይታያል። በመጨረሻም በተራ ቁጥር 11 ያቺ ዝነኛ መስመር አለች፦ ሰነዱ ሕጋዊ አስገዳጅነት የለውም።

54 ሰዎች ሥልጠናውን ጨረሱ። ኮሌጁ 54 ጊዜ 6,000፣ ማለትም 324,000 ብር ጠየቀ። ፋብሪካው ከውጭ የሚመጣው ትዕዛዝ ቀንሶበት ነበርና ተራ ቁጥር 11ን አወጣ። «መግባቢያ እኮ ነው» አለ። ኮሌጁም አልተኛም። «እንደዚያ ከሆነ ተራ ቁጥር 9ም አያስገድደኝም» ብሎ ማሽኖቹን ያዘ። በዚህ መሃል አንድ ሠልጣኝ ገና ገበያ ያልወጣ ንድፍ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ፋብሪካው ተራ ቁጥር 8ን ሲጠቅስ የተሰጠውን መልስ መገመት አያቅታችሁም።

ስለ ስሙ

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። ስለ ሽያጭ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትና የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። «የመግባቢያ ሰነድ» የሚል ክፍል ግን የለውም። ስለዚህ ዳኛው ወረቀቱን ሲያነሳ ርዕሱን አይቶ የሚያስቀምጥበት ሌላ መደርደሪያ የለም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 1675 ውልን የሚተረጉመው ንብረት ነክ ግዴታን ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት በሚደረግ ስምምነት ነው። ቁጥር 1679 ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ተስማሚዎቹ ምን እንደሚያደርጉ መወሰናቸውንና በዚያም ለመገደድ መስማማታቸውን። ሁለቱ ካሉ ርዕሱ «የመግባቢያ ሰነድ» ይሁን «የወዳጅነት ደብዳቤ» ለውጥ የለውም።

«እኔ እኮ በልቤ መግባቢያ ብቻ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» የሚል ሰውስ? ቁጥር 1680 ንዑስ ቁጥር 2 መልስ አለው። አንዱ ወገን በልቡ የያዘውን ገደብ ሌላው እንዲያውቀው ካላደረገ፣ የሚታየው በግልጽ የተናገረው ስምምነት ነው። በልብ የቀረ ነገር ሰነድ አይሆንም።

ይህ የእኛ ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከጎረቤት አንድ ምሳሌ ልጨምር። በመንግሥታት መካከል የሚሠራው ሕግ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ኬንያና ሶማሊያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2009 ስለ ባሕር ጠረፋቸው የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ሰባት አንቀጽ ብቻ ያላት ወረቀት ናት፤ አንቀጾቹ ቁጥር እንኳ የላቸውም። በኋላ ሶማሊያ ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደች። ኬንያ «በዚህ ሰነድ በድርድር ልንጨርስ ተስማምተናል፤ ፍርድ ቤቱ ሊያየው አይችልም» አለች። ሶማሊያ ደግሞ ፓርላማዋ ያላጸደቀው ሰነድ አይጸናም ብላ ተከራከረች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ፍርድ ቤቱ ሰነዱ የጸና፣ የሚያስገድድ ስምምነት ነው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ሰነዱ ውስጥ ያለች አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ሰነዱ እንደተፈረመ እንደሚጸና ትናገራለች።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። ፍርድ ቤቱ ቀጥሎ ኬንያ የተደገፈችበትን አንቀጽ አነበበና «ይህ ፍርድ ቤት እንዳትሄዱ አይከለክልም» አለ። አንዷ አገር «አያስገድድም» ያለችው አስገደደ። ሌላዋ «ይጠብቀኛል» ያለችው አንቀጽ አልጠበቃትም። አንድ የመግባቢያ ሰነድ በአንድ ጊዜ በሁለቱም በኩል ሊያሳፍር ይችላል ማለት ነው። ፋብሪካውና ኮሌጁም ላይ የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ አንዷ መስመር

እውነቱን ለመናገር ይህች መስመር ከንቱ አይደለችም። ሰነዱ በሙሉ ስለ ሐሳብና ስለ ፍላጎት ብቻ የሚናገር ከሆነ በደንብ ትሠራለች። ቁጥር 1733 ግልጽ የሆነን ቃል ዳኛ በትርጓሜ ስም እንዳይለውጥ ይከለክላል። ችግሩ መስመሯ ብቻዋን ስትላክ ነው። በላይዋ አሥር ተራ ቁጥሮች ሌላ ነገር እየተናገሩ እሷ ከታች ሆና «አይደለም» ትላለች።

የፋብሪካውን ሰነድ እንደ ዳኛ አንብቡት። ተራ ቁጥር 5 ብር አለው፣ ቀን አለው፣ ለማን እንደሚከፈልም ይታወቃል። ተራ ቁጥር 11 ደግሞ ምንም አያስገድድም ይላል። ሁለቱም እንዴት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ? ቃሉ ግልጽ መሆኑ እዚህ ጋ ያበቃል፤ ትርጓሜ ይጀምራል። ቁጥር 1736 የውሉ ቃላት እርስ በርስ ተያይዘው እንዲነበቡ ያዛል። ቁጥር 1737 ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ውጤት በሚሰጠው ትርጉም እንዲወሰድ ይላል። ቁጥር 1734 ደግሞ የጋራ ሐሳባቸው እንዲፈለግ፣ ለዚህም ከመፈራረማቸው በፊትም ሆነ በኋላ ያሳዩት አኳኋን እንዲታይ ያደርጋል።

ለፋብሪካው ይህ የመጨረሻው ነበር አደገኛው። ማሽኖቹን በራሱ መኪና ጭኖ አስረክቧል። በሁለተኛው ወር የሠልጣኞቹን የስም ዝርዝር በደብዳቤ ጠይቋል፤ ደብዳቤው ላይ «በስምምነታችን ተራ ቁጥር 5 መሠረት ክፍያ ለማዘጋጀት እንዲረዳን» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው በኋላ «ግዴታ አልነበረብኝም» ሲል ማን ያምነዋል? ሰነድ የሚፈርም አለቃ ሌላ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ የፋይናንስ ሠራተኛ ሌላ መሆኑ አይረዳም። ለዳኛው ሁለቱም አንድ ፋብሪካ ናቸው።

እንግዲህ መስመሯ ግዴታውን ላታስቀረው ትችላለች። አሁን ገልብጣችሁ እዩት። በሙሉ ኃይሏ ብትሠራስ? ያኔ የከፋ ነገር ይመጣል፤ ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው የፈለጉትን ነገር አብራ ትጠርጋለች። ፋብሪካው ምስጢሩ እንዲጠበቅ ከልቡ ፈልጎ ነበር። ማሽኖቹ በጊዜ እንዲመለሱም እንዲሁ። ባለቤትነቱ አልጠፋበትም፤ ንብረቴ ነው ብሎ መክሰስ ይችላል። ግን የማጓጓዣውን ወጪና የጥገናውን ግዴታ የያዘው ተራ ቁጥር 9 ነው፣ እሱን ደግሞ ራሱ በ11 ሰርዞታል። ሁለቱም ፍርድ ቤት መንከራተት ስላልፈለጉ ግልግልን መርጠው ነበር። እሱም «አያስገድድም» ተብሎ ተጻፈ። ክርክሩ የት ይታይ የሚለው ራሱ አንድ ክርክር ሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሰነዱን ገና ከመጻፌ በፊት ደንበኛዬን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። «ነገ ሌላው ወገን ይህን ባያደርግ ትናደዳለህ ወይስ ትከሳለህ?» የሚናደድበት ሁሉ መግባቢያው ውስጥ ይግባ። የሚከስበት ግን ወይ ራሱን ችሎ ውል ይሁን፣ ወይ በመግባቢያው ውስጥ «ይህ ያስገድዳል» ተብሎ በቁጥሩ ይጠራ። ከዚያ መስመሯን እንዲህ እከፍላታለሁ፦

«ተራ ቁጥር 8፣ 9 እና 10 ሰነዱ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ሁለቱን ፈራሚዎች እንደ ውል ያስገድዳሉ። ሰነዱ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ ተራ ቁጥር 8 ለ2 ዓመት፣ ተራ ቁጥር 9 እና 10 እስኪፈጸሙ ድረስ ይቀጥላሉ። የቀሩት ተራ ቁጥሮች የፈራሚዎቹን ሐሳብ ብቻ ይገልጻሉ፤ በእነሱ ምክንያት ማንም ወገን ክፍያ፣ ካሳ ወይም እንደ ውሉ ይፈጸምልኝ የሚል ጥያቄ ሊያቀርብ አይችልም።»

ሦስት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ሕጋዊ አስገዳጅነት» በሚል ጥቅል ቃል ፈንታ ምን መጠየቅ እንደማይቻል ተዘርዝሯል። ሁለተኛ፣ የሚያስገድደው ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዳይሞት ዕድሜ ተሰጥቶታል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ምስጢር የሚፈለገው እኮ በዋናነት ከተለያዩ በኋላ ነው! ሦስተኛ፣ ተራ ቁጥር 5 እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ለምን የለም? ክፍያውን አስገዳጅ አድርጋችሁ ሥልጠናውን «ሐሳብ ብቻ» ብላችሁ ከተዋችሁት፣ አንዱ እግር መሬት ላይ ሌላው አየር ላይ ነው። ፋብሪካው ለማይገደድ ሥራ የመክፈል ግዴታ ገባ ማለት ይሆናል። የሚያስገድድ ተራ ቁጥር በማያስገድድ ላይ ሲንጠለጠል ሁለቱም ይወድቃሉ። ስለዚህ ብር፣ ቀንና ብዛት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተገናኙ ቦታቸው መግባቢያው አይደለም። ሁለት ገጽ የሥልጠና ውል ለብቻው ይጻፍ። መግባቢያው «የሥልጠናው ክፍያና ዝርዝር በሚፈረም ውል ይወሰናል» ብሎ ይለፈው።

ደግሞ ይህች መስመር ከታች ለምን ትቀመጣለች? ከላይ፣ ከዓላማው ቀጥሎ አድርጓት። ከፋይናንስ ክፍል ሰነዱን የሚያነብ ሰው ሦስተኛ ገጽ ላይ ሲደርስ ደክሞታል።

ስለ ለስላሳ ቃላት

እዚህ ላይ የአማርኛችንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የመንግሥታት መግባቢያዎች አርቃቂዎቹ «ሻል» እና «ዊል» የሚባሉትን ቃላት ለይተው ይጠቀማሉ። «ሻል» ግዴታን ያመለክታል፤ ማስገደድ ካልተፈለገ «ዊል» ይባላል። ሰነዱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለቱም «ይከፍላል» ሆነው ይመጣሉ። «ይከፍላል» ደግሞ የአዋጆቻችንና የኪራይ ውሎቻችን ቋንቋ ነው። «ተከራዩ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል» ሲባል ማንም ትንቢት ነው አይልም። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ለስላሳ የነበረው በአማርኛው ጠንክሮ ይገኛል። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰነድ ከሆነ የቱ እንደሚበልጥ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ እያንዳንዱ ወገን የሚጠቅመውን ቋንቋ ይዞ ይመጣል።

በአማርኛ ማለስለስ ከተፈለገ ግሱ ራሱ መቀየር አለበት። «ያስረክባል» ሳይሆን «ለማስረከብ ፍላጎት እንዳለው ገልጿል»። «ተስማምተዋል» ሳይሆን «ተወያይተዋል» ወይም «ተግባብተዋል»። «ተዋዋይ ወገኖች» ሳይሆን «ፈራሚዎች»። «የጸና ይሆናል» ሳይሆን «በዚህ መንፈስ መሥራት ይጀምራሉ»። አንዳንዱ ጆሮ ላይ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ግን «ተዋዋዮቹ ተስማምተዋል፤ ይህ ስምምነት ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ «ውል አይደለም» ማለት ከዚህ የባሰ እንግዳ ነው።

ሌላው አደጋ ለስላሳው ቃል ጠንካራ መሆን የነበረበት ቦታ መግባቱ ነው። የኮሌጁን ተራ ቁጥር 6 አስታውሱ፤ ፋብሪካው ለመቅጠር ጥረት ያደርጋል። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ወላጆች የሸጠው ተስፋ ይህ ነበር። ፋብሪካው ከ54ቱ ዘጠኙን ቀጠረ። ጥረት አድርጓል ወይስ አላደረገም? በምን ይለካል? ቁጥር 1714 ግዴታው በበቂ ሁኔታ ተለይቶ የማይታወቅ ውል ውጤት የለውም ይላል። እዚያው ላይ ዳኛ በትርጓሜ ስም ለተዋዋዮች ውል ሊጽፍላቸው እንደማይችልም ይናገራል። ዘጠኝ ይበቃል ወይስ 20 ያስፈልግ ነበር ብሎ የሚሞላላችሁ የለም።

ፋብሪካው ቁጥር መስጠት አልፈልግም ካለ መብቱ ነው፤ የነገን ትዕዛዝ አያውቅም። እንደዚያ ሲሆን ግን ትንሽ ቢሆንም የሚቆጠር ነገር መጠየቅ ይቻላል። ለምሳሌ፦ «ፋብሪካው የስፌት ባለሙያ ሲፈልግ ማስታወቂያ ከማውጣቱ 10 ቀን በፊት ለኮሌጁ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ኮሌጁ የሚልካቸውን እስከ 15 ተመራቂዎች ይፈትናል።» ይህ ቅጥርን አያረጋግጥም። ግን መደረጉና አለመደረጉ በአንድ ደብዳቤ ይታወቃል። «ከፍተኛ ጥረት» ከሚል ባዶ ቃል ይህ ለኮሌጁ ይሻለዋል፤ ፋብሪካውንም ያላሰበው ግዴታ ውስጥ አይከተውም።

ስለ ምስክርና ማኅተም

ይህኛውን ቶሎ ልለፈው። የቁጥር 1719 መነሻ ሕግ በተለይ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም የሚል ነው። በቃል፣ በደብዳቤ፣ በድርጊትም ይመሠረታል። የስፌት ሥልጠና ውል በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ስለዚህ ሁለት ምስክር አለመፈረሙ ለፋብሪካው ማምለጫ አልነበረም። በጽሑፍ መሆን አለባቸው የተባሉት ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ዋስትና፣ መድን፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል የመሳሰሉት። የሁለት ምስክር ጉዳይ የሚመጣው እንዲህ ባሉት ላይ ነው።

በእነዚህ ላይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ይጎዳል። መግባቢያው ውስጥ «ኮሌጁ ግቢው ውስጥ ያለውን መጋዘን ለፋብሪካው ይሸጣል» የሚል ተራ ቁጥር ቢኖርስ? ሁለቱም ከልባቸው ቢሆኑ፣ ገንዘብም ቢቀባበሉ፣ የታዘዘው ፎርም ካልተሟላ በቁጥር 1720 መሠረት ወረቀቱ ረቂቅ ብቻ ነው። ዋናው ውል ልዩ ፎርም ከፈለገ ወደፊት እንዋዋላለን የሚለው ቅድመ ውልም ያንኑ ፎርም ይፈልጋል። ቤትና ሕንፃ ያለበትን ቃል በመግባቢያ ይዤዋለሁ ብሎ የሚተኛ ሰው ባዶ ወረቀት ታቅፎ ነው የተኛው።

ጸሐፊው ሳያስቡት ያለፉት፣ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ የሚመስል አንድ ቁጥር አለ፦ 1726። ሕግ ባያዝም ተዋዋዮቹ ራሳቸው «ውላችን በዚህ ፎርም ካልሆነ አይቆጠርም» ብለው ከተስማሙ፣ በዚያ ፎርም እስኪሠራ ድረስ ውሉ እንዳለቀ አይቆጠርም። መግባቢያው ውስጥ እንዲህ ትጻፍ፦ «ስለ ሥልጠናው በፈራሚዎቹ መካከል ውል የሚኖረው ሁለቱ ሥራ አስኪያጆች ‹የሥልጠና ውል› የሚል ርዕስ ያለው ሰነድ በጽሑፍ ሲፈርሙ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ የደብዳቤ ልውውጥ፣ ውይይት ወይም ርክክብ ውል አይፈጥርም።» ይህች ከ«አስገዳጅነት የለውም» የበለጠ ትሠራለች። ውሉ መቼና በምን እንደሚወለድ ስለምትናገር፣ ያ የፋይናንስ ሠራተኛ ደብዳቤ የሚያደርሰውን ጉዳት ትቀንሳለች። ግን እናንተም አክብሯት። እየከፈላችሁ፣ እየተቀበላችሁ፣ ስድስት ወር እየሠራችሁ «ገና አልፈረምንም» ብትሉ፣ ፎርሙን በድርጊታችሁ ትታችሁታል የሚል ክርክር ይመጣባችኋል።

ጥሎ ስለመውጣት

እሺ፣ ሁሉም ነገር ለፋብሪካው ሠመረለት እንበል። ተራ ቁጥር 11 ሠራች፤ ውል የለም ተባለ። ቤቱ ይሄዳል? አይሄድም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል ቁጥር 2055 አለ። አንድ ሰው ውል ለመዋዋል ሐሳብ እንዳለው ካስታወቀ፣ በዚህም ሌሎች ውሉን ለመዋዋል ብለው ወጪ እንዲያወጡ ካደረገ፣ ከዚያ ያለ በቂ ምክንያት ሐሳቡን ከተወ፣ ጥፋተኛ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው ውል ስለሌለ ነው። «ውል አይደለም» የሚለው መከላከያ እዚህ በር ላይ ይቀራል።

የኮሌጁን ሒሳብ እንይ። ሁለት አሠልጣኞች እያንዳንዳቸው በወር 14,000 ብር፣ ለ3 ወር 84,000። የክፍል ኪራይ በወር 25,000፣ 75,000። ጨርቅ፣ ክርና መርፌ 41,000። ድምሩ 200,000 ብር። ውል አለ ከተባለ ኮሌጁ የሚጠይቀው 324,000ውን ነው። ውል የለም ከተባለ ደግሞ ጥያቄው ወደ ወጪው ይወርዳል፤ ትርፉን ትቶ ለፋብሪካው ቃል ብሎ ያወጣውን 200,000 ይጠይቃል። ፋብሪካው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነበር የቆመው። ዜሮ በቀላሉ የሚገኝ አማራጭ አልነበረም።

ኮሌጁም ቢሆን በዚህኛው መንገድ ማስረዳት የሚገባው ቀላል አይደለም። ወጪው የወጣው በፋብሪካው ግፊት ነው ወይስ ኮሌጁ በራሱ ቸኩሎ? ክፍሉን የተከራየው ለዚህ ሥልጠና ነው ወይስ ድሮም ተከራይቶት ነበር? የፋብሪካው ምክንያትስ? የውጭ ትዕዛዝ በእርግጥ ተቋርጦበት ከሆነ «ያለ በቂ ምክንያት» ለማለት ያስቸግራል። የቀደመው ደብዳቤ፣ የማሽኖቹ ርክክብ፣ «በቶሎ ጀምሩልን» የሚሉ የቴሌግራም መልእክቶች እዚህ ዋጋ ነበራቸው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን ዋጋ አልነበረውም፤ ከ41,000ው ደረሰኝ የተገኘለት 26,000ው ብቻ ነበር።

ይህን አደጋ በመግባቢያው ውስጥ ማሳጠር ይቻላል። «እያንዳንዱ ፈራሚ ለዝግጅት የሚያወጣውን ወጪ ራሱ ይችላል» ማለት አንድ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንዱ ወገን ይህን ፈርሞ በማግስቱ «ቶሎ ጀምሩ» እያለ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ እኔ ይህችን እጨምራለሁ፦ «የሥልጠና ውል ከመፈረሙ በፊት አንዱ ሌላውን ሠራተኛ እንዲቀጥር፣ ክፍል እንዲከራይ ወይም ዕቃ እንዲገዛ ከጠየቀ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የሚመልሰውን የወጪ ጣሪያም በዚያው ደብዳቤ ይገልጻል።» ጣሪያው 50,000 ብር ከሆነ ሁለቱም የሚያጡትን ያውቃሉ። ከሰነዱ መውጣት የሚፈልግ ደግሞ በ15 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይውጣ። ማስታወቂያው የደረሰው ወገን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ወጪ አያወጣም።

ፋብሪካውና ኮሌጁ ፍርድ ቤት አልደረሱም። ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ መሃል ገባና ፋብሪካው 230,000 ብር ከፈለ። ኮሌጁ ማሽኖቹን መለሰ፤ ሲቆጠሩ ግን 19 ሆኑ። ኮሌጁ «የተረከብነው 19 ነው» ይላል፣ ፋብሪካው «20 ነው የጫንነው» ይላል። ያን ቀን የርክክብ ቅጽ አልተሞላም ነበር፤ መግባቢያ ስለሆነ አያስፈልግም ተብሎ።